ለሶስና የጻፍኩት እንኳን ደስ አለሽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ እዚህ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በሚያስመርቁበት ሰሞን ነው። ብዙ ሰው ከሰማ በኋላ «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ይለኛል። እኔ ግን ያጠፋሁትን አውቀዋለሁ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

አየር ማረፊያው አጠገብ ኢምባካሲ ባለ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ከሥራዬ ውጭ ደግሞ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራችንን የፌስቡክ ገጽ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው ሲወልድ፣ ሲያገባ፣ ሲመረቅ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ሲሞትም እንዲሁ። ለሁሉም የተዘጋጀ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አለ፤ ስም ቀይሬ እለጥፋለሁ። የምርቃቱ «ውድ እህታችን፣ የልፋትሽን ፍሬ ለማየት ስለበቃሽ እንኳን ደስ አለሽ። መጪው ዘመን የስኬት ይሁንልሽ» የሚል ነው። ከሥሩ የቆብ ምልክትና ሦስት አበባ አለው። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር።

ቅር ያላት እትዬ ብርነሽ ናት። እትዬ ብርነሽ ካሳራኒ ሰፈር የምትኖር የማኅበራችን አባል ስትሆን፣ የወንድሟን ልጅ ሶስናን አራት ዓመት አብራት አኑራ ነርስነት አስተምራለች። ሶስና ዓርብ ልትመረቅ ሰኞ ዕለት ጽሑፉን አስቀድሜ ለእትዬ ብርነሽ ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

«ሙሉ፣ ይሄ እኮ ለማንም የሚሆን ነው» አለችኝ። «የሶስናን ስም አውጥተሽ የሌላ ልጅ ብታስገቢ ማን ያውቃል? እናት የላት፣ እህት የላት። እስቲ ለሷ የሚሆን ነገር ጻፊላት።»

ይህን ስትለኝ ሁለታችንም የምናውቀው አንድ ነገር ነበር። የሶስና አባት፣ የእትዬ ብርነሽ ወንድም፣ ደሴ ላይ ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው። ሶስና አልሰማችም። ምርቃቷ እንዳይበላሽ ተብሎ ቤተሰቡ ከዚያም ከዚህም ተመካክሮ መርዶውን አቆየው። ስትደውል «አባትሽ ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይያዝም» ይሏታል። ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ዘመድና የማኅበሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊያረዷት ነው የተቀጠረው። በአገራችን ደንብ ነው፤ እኔም ደግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

«አባቷን ብቻ እንዳትነኪ» አለችኝ እትዬ ብርነሽ። «ወይም ጠበል ቦታ ሆነው እየጸለዩልሽ ነው በያት።»

«በሞተ ሰው ስም ውሸት አልጽፍም» አልኳት። በዚህ አባባሌ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት ለማንም የሚሆነውን ቃል ሁሉ መሰረዝ ነው። «የልፋት ፍሬ» ወጣ። «መጪው ዘመን» ወጣ። አበቦቹም ወጡ። የቀረው ስሟ ብቻ ሆነ። እትዬ ብርነሽ ሳታውቀው ጥሩ መፈተኛ ሰጥታኝ ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ስሟን አውጥቼ የሌላ ተማሪ ስም አስገባበታለሁ። ከሌላው ጋር ከገጠመ እሰርዘዋለሁ።

እንዲህ ሲሆን ግን የሚጻፍ ነገር ያልቃል። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። «ጎበዝ ናት» አይጠቅመኝም፤ ምን ስታደርግ አየሻት ነው ጥያቄው። እትዬ ብርነሽ፣ ሶስና በቲካ መንገድ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሆና የአጥንቶችን ስም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትሸመድድ፣ ገንዘብ ሰብሳቢው «ሲስተር» እያለ ከፊት ወንበር ያስቀምጣት እንደነበር ነገረችኝ። አብራት የተማረች ጓደኛዋ ደግሞ የአንድ በሽተኛ ሽማግሌ ነገር ነገረችኝ። ሽማግሌው ከማንም እጅ መድኃኒት አልወስድም ያሉ ናቸው። ሶስና በተሰባበረ ስዋሂሊ «ባቡ» ማለትም አያቴ ብላ ብትጠራቸው፣ መሳቅ ጀምረው ክኒኑን ዋጡ።

ስለ ነጭ የነርስ ልብሷ ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነጩን የተግባር ልብሷን ሁልጊዜ እሁድ በእጇ አጥባ ተኩሳ በሩ ጀርባ ስትሰቅለው እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ልብሱን የሰፉት አባቷ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መጀመሪያ ዓመት ላይ በስልክ ልኳን ተቀብለው ሰፍተው በሞያሌ በኩል በሰው ላኩላት። ትምህርት ቤቱ የሚያሰፋበት ሌላ ቦታ እያለ፣ የሳቸውን ካልለበስኩ ብላ ተከራክራ አስፈቅዳለች። ይህን ለሁላችንም ተናግራለች፤ ማኅበራችን ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

የተሰበሰበውን ሁሉ አልጻፍኩም። የሚያሳፍራትን ነገር፣ አንድ ትምህርት መድገሟንም ጨምሮ፣ ተውኩት፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ገጽ ነውና። «እህታችን ሶስና» የሚለውን «አንቺ» አደረግሁት፤ ስለሷ ማውራቱን ትቼ ከሷ ጋር ማውራት ፈለግሁ። የአዳራሽ ፎቶዋን ትቼ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ልብሱን ስትተኩስ አክስቷ ያነሳቻትን መረጥኩ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። እንዲህ ይል ነበር፦

«ሶስናዬ፣ ማታቱ ውስጥ የአጥንት ስም ስትሸመድጂ የሰማሽ መንገደኛ ሁሉ ዛሬ ነርስ መሆንሽን ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር። ባቡ ብለሽ ያሳቅሻቸው ሽማግሌም እንዲሁ። እሁድ እሁድ ነጩን ልብስሽን አጥበሽ ስትተኩሺ ያየንሽ እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ደስ ብሎናል። አክስትሽ ብርነሽ አራት ዓመት ሙሉ ካልመጣሽ እራት አልበላችም። ዓርብ ዕለት ግን ቀድማሽ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጣለች።»

እትዬ ብርነሽ በስልክ ሳነብላት አለቀሰች። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ወድጄዋለሁ። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ለጠፍኩት። ሰዉ ከሥሩ «እንዲህ ነው ጽሑፍ ማለት» እያለ ያሞግሰኝ ጀመር። በየአሥር ደቂቃው እየከፈትኩ ሙገሳዬን ሳነብ ዋልኩ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጥበቃው አንዲት ልጅ እንደምትፈልገኝ ነገረኝ። ሶስና ናት። ከካሳራኒ ኢምባካሲ ድረስ ሁለት ማታቱ ቀይራ መጥታለች። የምርቃት ጋዋን ልትወስድ ወጥታ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ስልኳን በእጇ ይዛለች።

«እትዬ ሙሉ፣ ጽሑፉን አነበብኩት» አለችኝ። «በጣም ቆንጆ ነው። ሦስቴ አነበብኩት።»

«ይገባሻል የኔ ልጅ።»

«ነጩን ልብስ ጽፈዋል። ማን እንደሰፋው ግን የለም።»

ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩትን ወረቀቶች አስተካከልኩ።

«ማታቱው አለ» አለች። «አንድ ቀን ያየኋቸው ባቡ አሉ። አክስቴ አለች። እርስዎ ደግሞ ልብሱን ማን እንደሰፋው ያውቃሉ፤ እኔው ነኝ የነገርኩዎት። አባቴ ብቻ የለም።»

«ረስቼው ነው» አልኳት። «ኤዲት ይደረጋል፤ ማታ አስተካክለዋለሁ።»

«አሁን ይጨምሩት። እዚሁ ሆኜ ልየው።»

ስልኬን አወጣሁ። ጽሑፉን ከፍቼ ማስተካከያውን ነካሁ። ነጩ ልብስ የሚለው ጋ ስደርስ «አባትሽ የሰፉልሽን» ብዬ ጨመርኩ። እሱ እውነት ነው፤ ቀላል ነበር። እሷ ግን «ደስ እንዳላቸውም ይጻፉ» አለችኝ በቀስታ። «ነገ እንደምመረቅ እንደሚያውቁ ይጻፉ።»

መጻፍ ነበረብኝ። አንዲት መስመር ውሸት ናት፤ ስንቱን ስዋሽ ኖሬያለሁ። ግን አልጻፍኩትም። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል እያየችኝ ነው።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሦስት ሳምንት ሊሆናቸው ነው» አልኳት።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ቆሞ፣ አልቅሳ የምትወድቅበት ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እኔ በጭነት ሰነድ መሃል፣ ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተው፣ ዘመዷ እንኳ ሳልሆን ነገርኳት። ተነስቼ ላቅፋት ስል እጇን ዘረጋች፤ አይምጡብኝ ማለቷ ነው። አላለቀሰችም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የበረራ ሰዓት ሰሌዳ ብዙ ቆይታ አየችው።

«አክስቴ ለቅዳሜ ጠዋት ሰው ስትጠራ ሰምቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «የምርቃት ቁርስ መስሎኝ ነበር። ለአክስቴ እንዳይነግሩብኝ። ስንት ደክማበታለች። እኔ እችለዋለሁ።»

«ላድርስሽ» አልኳት። «ሥራ አለብዎት» አለችኝ። እውነትም ከሰዓት የሚወጣ ጭነት ነበረብኝ። በር ድረስ ሸኘኋት። ማታቱ ውስጥ ገብታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች።

ዓርብ ተመረቀች። ፎቶዎቹን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ በሁሉም ላይ ፈገግ ብላለች። እትዬ ብርነሽ «ጽሑፍሽ እኮ ፊቷን አበራው» አለችኝ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሁላችንም ካሳራኒ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ደንቡ ነገሯት። ሶስና ጮኸች፤ ደረቷን መታች፤ እንደወደቀች ሦስት ሴቶች ያዟት። ሰዉ ሁሉ አሁን የሰማች መሰለው። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ይዛው የቆየችው ለቅሶ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አሁን የምርቃት ጽሑፍ ሲጠይቁኝ እንደገና የተዘጋጀውን እለጥፋለሁ። «ምነው ደረቅሽ?» ይሉኛል። ይበሉ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ስትጽፊ የተውሽው ሁሉ ይታያል፤ እኔ ያንን አላሰብኩም ነበር።

ግን ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝ ጽሑፉ አይደለም። ሶስና በኋላ ይቅር ብላኛለች፤ እዚህ አንድ ሆስፒታል ተቀጥራ ስትሠራ እንጠያየቃለን። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ አብሮ ይቀመጣል። እኔ ግን አባቷ መሞታቸውን በገዛ አፌ የነገርኳትን ልጅ ማታቱ ላይ ብቻዋን አሳፍሬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ተመልሼ ወጥቼ የሽንኩርት ዘር ጭነት ሰነድ ሞላሁ።