በጓሮ በኩል ዙሪ

ሰበታ የመጣሁት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ሆስፒታሉ ፖርተር እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ፖርተር ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ገብቼ አየሁት፤ በሽተኛ በዊልቸርና በስትሬቸር ማመላለስ፣ የደም ናሙና ላቦራቶሪ ማድረስ፣ ያለቀውን የኦክስጅን ሲሊንደር አንስቶ ሙሉውን መተካት፣ የሞተውን ወደ ሬሳ ክፍል መውሰድ ነው። እኔ የሌሊቱን መረጥኩ። ሌሊት ኮሪደሩ ባዶ ስለሆነ ለመግፋት ይመቻል፣ ቀን ደግሞ ልጄን ከትምህርት ቤት እቀበላለሁ።

እኔና አብሮኝ የሚሠራው ፖርተር ዱቲ ስንገባ ተረኛዋ አስተባባሪ ሲስተር የሌሊቱን ሥራ በቃል ትነግረናለች። እሷ በደረደረችው ቅደም ተከተል እንሄዳለን። ድንገተኛ ሲመጣ ግን ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ያኔ ስለ ምን ብሎ መጠየቂያ ጊዜ የለም፤ የተባልነውን ሠርተን ምክንያቱን በኋላ እንሰማለን። አንዳንዴም ጭራሽ አንሰማም።

አንድ ሌሊት የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከተፍኪ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ኩላሊታቸው ደክሞ አዲስ አበባ ለእጥበት አልጋ ተገኝቶላቸዋል። ልጃቸው ትልቅ ሴት ናት፣ ቡራዩ ሱቅ አላት። አልጋው እስኪገኝ ድረስ ስልክ ላይ ተንጠልጥላ ከረመች። ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ አምቡላንስ ብቻ ነበር፣ ሌላው ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ወደ መናገሻ ሄዷል። ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እስከ አምቡላንሱ በር ገፋኋቸው።

"ኦቦ፣ እግርዎን ላንሳልዎት?" አልኳቸው።

"ቆይ ልጄ፣ ራሴ እሞክራለሁ" አሉኝ።

እሳቸው ሲሞክሩ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ጥሩምባዋን ሳታቋርጥ በበሩ ገባች። የመኪናው ሰው ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ሸሚዙ እስከ ሆዱ ደም ነው። በጅማ መንገድ ላይ ሚኒባስና የጭነት አይሱዙ መጋጨታቸውን ነገረን። የኋላ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ እግር ራሷን ስታ ተጋድማለች፣ ከፊት እናቷ ጭኗን ይዛ ታቃስታለች። ከመኪናዋ ኋላ የደረሰች ፒክአፕ ደግሞ ሌሎች ቁስለኞችን፣ ከእነሱም ጋር በነጠላ የተሸፈነ አንድ ሰው ይዛ ነበር።

ሐኪሙና ነርሶቹ በር ላይ ሆነው ቁስለኞቹን ለዩ። እኛ ጋ ቀይ የሚባለው አሁኑኑ ካልታየ የሚሞተው ነው፤ ቢጫው ጥቂት መጠበቅ ይችላል፤ አረንጓዴው በእግሩ ሄዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልጅቷ ቀይ ሆነች። አንድ ነርስ አንገቷን በሁለት እጁ ይዞ አልለቀቀም፤ የአንገት መደገፊያ ከታሰረላት በኋላ እሱ ሲቆጥር ሁላችንም አንድ ላይ አንስተን ሰሌዳ ላይ አደረግናት። የእኔ ድርሻ ዳሌዋና ጭኗ ነበር። ከእሱ ቃል በፊት ማንም አይንቀሳቀስም፤ አንዱ ከቀደመ አንገት ይጣመማል።

ሲስተር ከዚያ ግርግር መሃል ወደ እኔ ዞረች። "ሽማግሌውን ወደ ክፍላቸው መልሺያቸው። ለሜዲካል ክፍል የታሰበውን ሙሉ ኦክስጅን ለድንገተኛ አምጪ። የላቦራቶሪውን ባልደረባሽ ይይዘዋል፣ ደም ለማመሳሰል ናሙና ይወስዳል።"

"አምቡላንሱስ?"

"መልሺያቸው አልኩሽ።"

መለስኳቸው። ልጃቸው ከስትሬቸሩ ጎን እየሮጠች ትከተለኝ ነበር። "ማሊ? ምን ሆነና ነው የሚመለሱት? ለአባ ኮ፣ ለአባቴ፣ አልጋ ተይዞላቸዋል እኮ።"

"አደጋ መጥቶ ነው" አልኳት።

"አደጋ ስለመጣ ነው ወይስ ሙሉ ልብስ የለበሰ ስለመጣ?"

እውነቱን ለመናገር ነገሩ እኔንም ከንክኖኛል። እዚህ አገር ሰው ያለው ሰው ሲቀድም ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ዞር ብዬ ስመለከት ያ ሰውዬ ከሲስተር ጋር ማዕዘን ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ያወራል። እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ወዲያው ሐኪሙ ኢሲጂ ይዞ ወደ ሽማግሌው መጣ፤ ልባቸውን አይቶ እስከ ማለዳ መቆየት እንደሚችሉ ለልጃቸው ነገራት። እሷ ግን አላመነችውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች።

ኦክስጅኑን በጋሪው እየጎተትኩ ሄድኩ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሲሊንደር የመጠን መርፌው ወደ ቀዩ ወርዶ ነበር፣ ቀየርነው። ከዚያ የልጅቷን ጉዞ ማዘጋጀት ሆነ። የአንደኛው ዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እንደሚፈስ ምልክት ነው፤ እኛ ጋ ሲቲ ስካንም የጭንቅላት ቀዶ ሐኪምም የለም። ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኘው የሊያዞን ተረኛ ስልክ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ተቀብለናል ካላለ አምቡላንሱ አይወጣም። ተቀበሉ። ጭንቅላቷን ከፍ አድርገን፣ እግሯን አስቀድመን፣ እኔ ፊቷን እያየሁ ከራስጌ ገፋሁ፤ ነርሱ የመተንፈሻ ከረጢቱን እየጨመቀ ከጎኔ ይራመዳል። ያ አምቡላንስ ሽማግሌውን ሊወስድ የነበረው ነው። ልጃቸው በመስኮት ታየን ነበር።

አምቡላንሱ ወጥቶ ሄደ። እናትየው ኮሪደሩ ላይ፣ እግሯ በእንጨት መደገፊያ ታስሮ፣ ማስታገሻ ተሰጥቷት ተኝታለች። የሚያልፈውን ሁሉ ትጠይቃለች። "ባለቤቴ የት ገባ? ከእኔ ጋር ነበር እኮ።"

ሲስተር ጠራችኝና በነጠላ ወደተሸፈነው ሰው አመለከተችኝ። ሐኪሙ መሞቱን አረጋግጧል። "ሬሳ ክፍል ውሰጂው፣ ትራፊክ ፖሊስ እስኪመጣ። ግን በኮሪደሩ አይደለም፤ በጓሮ በኩል ዙሪ።"

በጓሮ በኩል መንገዱ ኮረት ነው፣ መብራቱም የለም። ስትሬቸሩ እየተንጋደደ ይሄዳል። ለምን እንደምዞር አልነገረችኝም። ባልደረባዬ ከግርጌ ይዞልኝ ስንሄድ አንድ ሰው ከኋላችን ይከተለን ነበር። ያ ሙሉ ልብስ የለበሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ አውጥቶ አየውና ጥሪውን አቋረጠው። ትንሽ ቆይቶ ከሌላው ኪሱ ሌላ ስልክ አወጣ። በብብቱ ሥር ደግሞ የሴት ቦርሳ ነበር።

አደጋ በደረሰበት ቦታ የሞተውን ኪስ የሚፈትሹ እንዳሉ የሰበታ ሰው ያውቃል። ቶሎ ደረስኩ ባይነታቸው ለዚህ ነው ይባላል። ሬሳ ክፍሉን ከፍተን ሰውየውን ካስገባን በኋላ፣ ባልደረባዬ መታወቂያ ምልክቱን ክንዱ ላይ ሲያስር እኔ ወደ ጥበቃው ሄድኩ።

"ያ ሰውዬ እንዳይወጣ" አልኩት።

"ምን አደረገ?"

"የሌላ ሰው ስልክ ይዟል። ቦርሳም ይዟል።"

ጥበቃው ዱላውን አንስቶ ተከተለኝ። ሰውየው ለመሄድ አልተነሳም፤ ሬሳ ክፍሉ ደጃፍ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ወንድሜ፣ ስልኩ የማነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ ጥበቃውንም እኔንም አየን። የተጠረጠረ ሰው የሚያመጣው ቁጣ አልታየበትም። ስልኩ እጁ ላይ እንደገና ጮኸ። ወደ እኔ ዘረጋው። "የሱ ነው። አንሺው አንቺ። እኔ አልቻልኩም።"

መስታወቱ ላይ "እማዬ" ይላል።

እጄን አልዘረጋሁም። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም አለ።

"መንገድ ላይ ሳነሳው በሕይወት ነበር" አለ። "ልጄንና ሚስቴን አስቀድም አለኝ። እነሱን አስቀደምኩ። እሱን ፒክአፑ ላይ ሲጭኑት ስልኩንና የሚስቱን ቦርሳ ለኔ ሰጠኝ። ለሲስተሯ ነግሬያታለሁ፤ ሚስቱ ዛሬ እንዳትሰማ፣ ሬሳውም በፊቷ እንዳያልፍ ለምኛታለሁ። ፖሊስ ሲመጣ ንብረቱን በእጁ አስረክብ ብላኛለች።"

ጥበቃው ዱላውን ወደ ኋላው አደረገ። ሹክሹክታው ይሄ ነበር፤ የጓሮውም መንገድ። ቢሆንም አንድ ልቤ፣ «ሰውየው ያለው ሁሉ እውነት ነው ወይ?» ማለቱን አልተወም። የሞተ ሰው አይመሰክርም። ስለዚህ ስልኩንም ቦርሳውንም ሲስተር ፊት፣ ጥበቃው እያየ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ አልኩ። ሰውየው ደስ ብሎት ሰጠ። ከእጁ ሲወጣለት ትከሻው ሲወርድ አየሁ።

"የምታጠብበት ውሃ ይኖራል?" አለኝ። ቧንቧው ጋ ወሰድኩት። ለረጅም ጊዜ ታጠበ።

ሲስተርን በኋላ ስጠይቃት "ብነግርሽ ኖሮ በእናትየው ፊት ስታልፊ ፊትሽ ያወራ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ይሁን፣ ረስታው ይሁን አላውቅም። ለእናትየው የነገሯት ወንድሟ ከሱሉልታ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ። እኔ የስትሬቸሯን ፍሬን ረግጬ ቆሜ ነበር። ጩኸቷን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

የመናገሻው አምቡላንስ ሲነጋ ተመለሰ። ሽማግሌውን እንደገና ጠቅልዬ ገፋኋቸው። "አካም ቡልቴ ልጄ" አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው፤ አዳራቸው ደህና እንደነበር ሁሉ። ልጃቸው አጠገቤ ስትደርስ ቆመች።

"ያቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ።

"የሚኒባስ ተሳፋሪ ናት። አባቷ ሌሊቱን ሞቷል።"

"ይሁና" አለች። አምናኝ እንደሆነ ከአነጋገሯ መለየት አልቻልኩም። አባቷን ተከትላ ገባች፣ በሩን ዘጋሁላቸው።

በአደጋው የተጎዳችው ልጅ ያንኑ ሌሊት ቀዶ እንደተደረገላት የአምቡላንሱ ሾፌር ነገረን። ከወራት በኋላ ከእናቷ ጋር መጡ፤ እናትየው በክራንች፣ ልጅቷ ፀጉሯ ገና እያጎነቆለ፣ ሻሽ አስራ። እናትየው ያነሳቸውን ሰው ታፈላልግ ነበር። ማንነቱን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ግን እኔን ትክ ብላ አየችና "አንቺን የት ነው የማውቅሽ?" አለችኝ።

"አታውቂኝም" አልኳት፤ እናቷ መቆም ስለደከማት ዊልቸር አመጣሁና እስከ በሩ ገፋኋት።