የጥይቷ ዐሥር ነጥብ ስምንት

አሰልጣኟ አፏ እሳት ነው፣ ሆዷ ግን ቂም አያውቅም። በወጣትነቷ መቶ ሜትር ስትሮጥ ጉልበቷ ከዳት፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ልጆች እያሠለጠነች ስታሮጥ ኖረች። አብልጣ የምትወዳት «ጥይቷ» የሚሏትን ልጅ ነው፤ አብልጣ የምትሰድባትም እሷኑ። «የመነሻው ተኩስ ላይ ትተኛለሽ!» እያለች ሰሞኑን አላስቀመጠቻትም።

ዛሬ ግን የክለቡ ሊቀመንበር ፊት ቆማለች። አማካይ የሩጫ ፍጥነቱ በሰዓት ሠላሳ ሁለት ተኩል ኪሎ ሜትር ያልሞላ ከቡድኑ ይሰናበታል። ጥይቷ መቶ ሜትሩን የገባችው በዐሥራ አንድ ነጥብ ሁለት ሰከንድ ነው።

«መቶን ለዐሥራ አንድ ነጥብ ሁለት አካፍዬ በሦስት ነጥብ ስድስት አባዛሁት፤ ሠላሳ ሁለት ነጥብ አንድ መጣ» አሉ ሊቀመንበሩ። «አዝናለሁ።»

«ቆይ እንጂ ጋሼ! ደንቡ ‹የምላሽ ጊዜ ተቀንሶ› አይደል የሚለው? ከተኩሱ እስክትነሳ ያለው እኮ ሩጫ አይደለም!»

«ያቺ ቅንጣት ምን ልትለውጥ?»

አሰልጣኟ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና መነሻው ላይ የተገጠመው መሣሪያ የመዘገበውን የምላሽ ጊዜ ፈለገች፦ ዜሮ ነጥብ አራት ሰከንድ። ከዐሥራ አንድ ነጥብ ሁለት ሲቀነስ ዐሥር ነጥብ ስምንት። መቶን ለዚያ አካፈለች፣ በሦስት ነጥብ ስድስት አባዛች።

«ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሦስት! ይኸው! አምና ተቀንሶላት እንኳ ሠላሳ ሦስት ነጥብ ሁለት ነበረች። እግሯ ፈጥኗል እኮ!»

ሊቀመንበሩ ደግመው አሰሉት። «እውነትሽን ነው፤ ትቆያለች» ብለው ፈረሙ።

አሰልጣኟ እልል ልትል አፏን ከፍታ ክው ብላ ቀረች። ዜሮ ነጥብ አራት? አምና ዜሮ ነጥብ አንድ አምስት አልነበረም እንዴ? እግር እየፈጠነ እንዲህ የሚዘገይ ምንድን ነው?

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮት ሜዳውን ታያለች።

«ጥይቷ!»

አልዞረችም።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። ጸሐፊዋ ከሚቀጥለው ክፍል ብቅ አለች፤ ልጅቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አሰልጣኟ ሄዳ ትከሻዋን ነካች።

ልጅቷ ደንግጣ ዞረች፤ ዓይኗ የአሰልጣኟ ከንፈር ላይ ተተከለ። «ተባረርኩ?»

«አልተባረርሽም። ተኩሱን ትሰሚዋለሽ?»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «መነሻው ላይ በጎኔ ያለችውን ሯጭ ትከሻ ነው የማየው እትዬ። እሷ ስትነሳ እነሳለሁ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ካልሮጥኩ ምን ልሆን ነው?»

«ያ ሁሉ ስድቤ... እንኳንም አልሰማሽው።»

«ከከንፈርሽ አነበዋለሁ» አለች ልጅቷ። «አንድም አላመለጠኝ።»

አሰልጣኟ አፏን በእጇ ያዘች። ቆይታ እጇን አነሳችና ፊቷን ወደ ልጅቷ አቅንታ ቀስ ብላ ተናገረች፦ «ይቅር በይኝ። አሁኑኑ ጆሮ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»