በኔ ዓይን የተነገደበት ታምር

ያን ዕለት ጠዋት ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ የዘር ድንች እመርጣለሁ። ይቺ አሁን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ከእንጅባራ መጣች። እዚያ አንድ ቻናል ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው የሚቀባበለውን ወሬ ቻናሉ ከማውጣቱ በፊት እውነት ነው ሐሰት ብላ ታጣራለች።

ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ባየው እኔው ነኝ። ጠበሉ ዘንድ እልል እላለሁ፣ አንድ አጥማቂ ነኝ ባይ እጁን ግንባሬ ላይ ጭኗል። ጽሑፉን አነበበችልኝ፤ ዓመታት የታወሩ እናት በአባታችን እጅ በራላቸው ይላል። አባታችን ይሉታል እንግዲህ፤ ጢሙን ያስረዘመ ሁሉ አባት ሆኖ የለ። የኔን የዓይን ሞራ የገፈፉት ዳንግላ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። እኔ ዓይኔ ከበራ ወዲያ የተሳልሁትን ጃንጥላ ላገባ ብሄድ፣ ይህ ቀላዋጭ መሐል ገብቶ እጁን ጫነብኝ። ሐኪሙን የመረቅሁበትን ከቪዲዮው ቆርጦ እልልታዬን ብቻ አስቀረ።

ስቄ በተውሁት ነበር። ጎረቤቴ ግን እሷም ሞራ ጋርዷት ዳንግላ ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ ይህን ሰምታ ሐኪም ቤቱን ትቼ ወደ ሰውየው እሄዳለሁ አለች። ውሸት ነው ብላት፣ "ውዳሴ ከንቱ ፈርተሽ ታምርሽን ትደብቂያለሽ" አለችኝ። እኔን ቅድስት አረገችኝ እኮ፣ ትናንት በዶሮ ስንጣላ የዋልነውን።

ልጅቱን ቶሎ ውሸት ነው ብለሽ አውጪው አልኋት። "አያቴ ስለሆኑ የኔ ቃል ብቻ አይበቃም" አለች። የሐኪም ካርዴን አየች፤ ቀኑ ከጠበሉ ይቀድማል። እኔ ፈቅጄ ባልደረባዋ የሠራኝን ሐኪም ጠየቀው። ጠበሉ ዘንድ የነበረች አንዲት ሴት ሳይቆረጥ የቀረጸችውንም ፈልጋ አገኘች። ለሰውየውም ደወለች፣ የሱም መልስ ይውጣ ብላ። "ሐኪሙም የቀናው በኔ ጸሎት ነው" አላት። ስሜን እንኳ ቢጠይቁት አያውቅ፣ ለዓይኔ ጸለየ።

ቻናሉ የሰውየውን ቪዲዮ መልሶ አላሰራጨም፤ ማባዛት ይሆንብናል አሉ። የተጣራውን በጽሑፍ፣ ያልተቆረጠውን በድምፅ አወጡት። ልጅቱ ሄዳ ለጎረቤቴ አሰማቻት። እዚያ ላይ የሐኪሙን እጅ እየጠራሁ፣ ዘርህ ይባረክ፣ እጅህ አይንጠፍ ስል ይሰማል።

ማታውን ጎረቤቴ በትሯን እየጎተተች መጣች። ይቅርታም አላለች።

"ለዚያ ሐኪም ያዘነብሽውን ምርቃት ለኔ አንድ ቀን አልሰጠሽኝም" አለችኝ። "በይ ሐሙስ ቀጠሮዬ ነው፣ አንቺው ትወስጂኛለሽ። ጋሪው ላይ እንዳትሰድቢኝ ብቻ።"