በሩ ተዘግቶ ጭራው ሲደርስ

በመታወቂያ ካርዷ ላይ የተጻፈውን ስም በዚያ ስቱዲዮ የሚያውቀው የበሩ ዘበኛ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ባለጭራዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለሕፃናት በሚሠሩ የካርቱን ፊልሞች ላይ፣ ገጸ ባሕርዩ ከቆመ በኋላ እምቢ ብሎ የማይቆመውን ነገር ሁሉ ስታንቀሳቅስ ኖራለች፤ ፀጉር፣ ጭራ፣ ጆሮ፣ የቀሚስ ጫፍ። ሯጩ ቀጥ ይላል። ፀጉሩ ግን ወሬው ገና አልደረሰውምና ወደ ፊት ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ይረጋል። ይህ ሲኖር አንድም ተመልካች ልብ አይለውም። ሲጎድል ግን የአራት ዓመት ሕፃን እንኳ «ይሄ ሰውዬ እንጨት ነው» ብሎ ሌላ ጣቢያ ይቀይራል። እንግዲህ ሲያምር የማይመሰገኑበት፣ ሲበላሽ ብቻ የሚጠሩበት ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ለዚህ ነው አለቆች የማይሠሩት።

ሴትዮዋ ራሷም ቁጭ ብላ አታውቅም። የወንበሯ ጎማ ከጠረጴዛዋ ሥር ያለውን ንጣፍ በልቶ ሲሚንቶው ፈጥጧል። ደረጃ ሁለት ሁለቱን ትወጣለች፣ ስልክ እየዞረች ታወራለች፣ የጀመረችውን ሻይ መስኮት ላይ ረስታ ሌላ ትቀዳለች። ቤቷም ያው ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ የገባውን ሰውዬ ካፖርቱን አስለብሳ በኮሪደሩ ታስሮጠውና «ቁም» ትለዋለች። ይቆማል፣ ካፖርቱ ይወዛወዛል፣ እሷ ወረቀት ላይ ትሞነጫጭራለች። ጎረቤቶቹ ስለዚህ ባልና ሚስት የሚያወሩትን ብታውቅ ኖሮ መጋረጃ ትገዛ ነበር።

የስቱዲዮው ባለቤት ሦስት ቀን ስብሰባ ተቀምጦ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ከአንገቱ ያላወለቀው የስብሰባ ባጅና አዲስ ሶፍትዌር። ሰውየው ስብሰባ በሄደ ቁጥር በአንድ እምነት ተጠምቆ ነው የሚመለሰው። የአሁኑ እምነት ጭራን ይመለከታል። ክብደቱን ትነግረዋለህ፣ አዝራር ትጫናለህ፣ ጭራውም ፀጉሩም ሻርፑም በራሱ ጊዜ ይወዛወዛል። ይህን ሲያስረዳ እጁን በአየር ላይ ያወዛውዝ ነበር፤ የእጁ ጣቶች ከክንዱ ጋር እኩል ይቆሙ እንደነበር ያየችው ባለጭራዋ ብቻ ናት።

እንዳይፈረድበትም ፈርቶ ውድድር አዘጋጀ። አንዱን ትዕይንት ማሽኑም በአዲሱ ሶፍትዌር ይሠራዋል፣ እሷም በእጇ ትሠራዋለች። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከታታይ ፊልሙን ያዘዘችው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ትመጣለች፤ የቱ የማን እንደሆነ ሳይነገራት ትመርጣለች። የማሽኑን ከመረጠች የጭራ ጠረጴዛ ይዘጋል፣ ባለጭራዋም ለፋይሎች ስም ወደሚሰጥበት ክፍል ትዛወራለች። በዚያ ክፍል ያሉት ሰዎች አርፈው የተቀመጡ ናቸው። እሷ እዚያ ከገባች በሳምንቷ ግድግዳ ትቧጥጣለች።

ትዕይንቱ ሦስት ሰከንድ ተኩል ነው። አንዲት ትንሽ ቀበሮ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ የጠመጠመች፣ እናቷን ልታይ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በሩ ተዘግቷል። ትቆማለች። የምትታየው ከኋላ ነው፤ ሐዘኑን የሚናገር ፊት የለም። ያለው ጀርባ፣ ሁለት ጆሮ፣ አንድ ሻርፕና አንድ ወፍራም ጭራ ነው።

የቀበሮዋን ገላ የሚያንቀሳቅሰው ጎን ለጎኗ የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። እንቅስቃሴ ሁሉ የሚጀምረው ከወገብ ነው እያለ ስላደነቆራቸው ስሙ «ወገብ» ሆኖ ቀርቷል። ወገብ ቀበሮዋን አርባኛው ፍሬም ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማት። አንዱ ሰከንድ ሃያ አራት ፍሬም፣ ማለትም ሃያ አራት ሥዕል ነው። ባለጭራዋ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከዚያች አርባ ላይ ተነስታ ሠራች። ዳሌው ሲቆም የጭራው ሥር በሁለት ፍሬም ዘግይቶ ይከተላል፣ መሐሉ ከሥሩ በኋላ፣ ጫፉ ከሁሉም በኋላ፤ ሥሩ መመለስ ሲጀምር ጫፉ ገና ወደ ፊት እየተወረወረ ነው። ጆሮዎቹ ቀላልና አጭር ስለሆኑ ቶሎ ተነቃንቀው ቶሎ ይረጋሉ፤ ጭራው ከባድ ነውና ይዘገያል። ረቡዕ ማታ ስትወጣ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ነው የወረደችው።

ሐሙስ ጠዋት ስትከፍተው ጭራው ቀበሮዋን ቀድሟት ቆሟል። ቀበሮዋ ገና እየሮጠች ጭራዋ በሩ መዘጋቱን ሰምቶ ወደ ፊት ይወረወራል። ባለጭራዋ ወንበሯን ወደ ወገብ አሽከረከረች።

«ምኗን ነክተሃታል?»

ወገብ የሚያኝከውን እስክሪብቶ ከአፉ አወጣ። ባለቤቱ ትናንት መውጫ ላይ መጥቶ፣ ቀበሮዋ ቀጥ ከምትል የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች እያዘገመች ትቁም ብሎት፣ አዝግሟታል። አሁን የምትቆመው አርባ ስድስት ላይ ነው።

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ስድስት ፍሬም እኮ ናት፣ እህቴ።»

«የሰከንድ ሩብ ነው። የሰከንድ ሩብ ቀድመህ ከደረጃ ውረድ እስቲ፣ ደረጃው ሳይደርስ።»

ወገብ ይህን ትንሽ አሰበበትና እስክሪብቶውን መልሶ ጎረሰ። ባለቤቱ ግን አልተጨነቀም፤ አዝራሩን እንደገና ተጫነ፣ ማሽኑ አዲሱን ገላ አይቶ በአምስት ደቂቃ ሁሉንም ከለሰ። እሷም ቸኮለች። የሠራችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መረጠችና በስድስት ፍሬም አዘገየችው። ጭራው አሁን በሰዓቱ ደረሰ። ግን ደርሶ የሚያደርገው ነገር ዝንብ መምታት ይመስላል። እየደጋገመች አጫወተችው፤ ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች። ፍሬም ቆጠረች፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ነገሩ ስህተት ሲሆን ሰው የሚሄድበት አያውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሏ ደወለ። ውሻ ገብቶበት ፍሬን ሲረግጥ አንድ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ የነበረ ተሳፋሪ እስከ ፊተኛው ወንበር ተወርውሮ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሲሰድበው መጥቷል። ያን ሁሉ ስድብ እሷም እንድትሰማው አንድ በአንድ ደገመላት።

«እንዲያው እያዘገምኩ ብይዝለት ኖሮ፣ የኔ እመቤት፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ ስልኩን እያየ ይወርድ ነበር።»

ቻው ሳትል ዘጋችበት። ባልየው አልተቀየመም፤ ይህቺ ሴት ስልክ እንዴት እንደምትዘጋ ያውቃል።

ያዘገየችው ሰዓቱን ብቻ ነው። ውርወራውን እንዳለ ትታዋለች። ቀጥ ላለች ቀበሮ የተሠራ ጭራ አዝግማ በቆመች ቀበሮ ላይ ተሰክቷል፤ ገላው ለስልሶ ሲቆም ጭራው እንደዚያ ተሳፋሪ እስከ ፊተኛው ወንበር ይወረወራል። አሥራ አንድ ዓመት ጭራ ብቻ ስትሠራ የኖረች ሴት ይህን ለማወቅ ሾፌር አስፈለጋት። ለአዲስ ተለማማጅ በመጀመሪያው ሳምንት የምትናገረው ነገር ነበር። ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሲቸኩሉ ግን ይረሳል።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው። ጭራ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሻርፕ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ተኩል እንደ አዲስ አይሠራም። በጠረጴዛዎቹ መሐል መመላለስ ጀመረች። በባለቤቱ ክፍል በር ስታልፍ የማሽኑ ቀበሮ በትልቁ ስክሪን ላይ ስትሮጥ አየቻትና ልትስቅባት ቆመች። ለመሳቅ ምክንያት ነበር፤ ጭራው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወዲህ ወዲያ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ በተዘጋ በር ፊት። ከዚያ ግን ዓይኗ ወደ ሻርፑ ሄደ፤ ፈገግታዋም እዚያው ደረቀ። ሻርፑ ያምር ነበር። እጥፋቱ ከአንገቱ ይጀምርና እየተንከባለለ ጫፉ ጋ ይሞታል። እሷ ለዚያ ሁለት ቀን ይፈጅባት ነበር።

ለምን ሻርፑ ተሳክቶለት ጭራው ከሸፈበት? በሩን ተደግፋ ጥፍሯን እየበላች አሰበች። ሻርፕ ጨርቅ ነው፤ ሐሳብ የለውም፤ ክብደትና አየር ካወቁለት ይበቃዋል። ጭራ ግን ሥጋና አጥንት አለው፤ የሚወዛወዘው ስለተወረወረ ብቻ ሳይሆን ቀበሮዋ ስለፈለገችም ነው። ያቺ ቀበሮ እናቷን አጥታለች። ለማሽኑ ጭራ ይህን የነገረው የለም።

ገብታ ባለቤቱን ሻርፑን ስጠኝ ብላ ለመነችው።

ባለቤቱ እጇን የሰጠች መሰለውና ፊቱ በራ። ለሰው ማዘን ደስ የሚለው ዓይነት ሰው ነውና ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ዘመን ሁሉንም ይረታል ብሎ ፋይሉን ላከላት። እሷ ዘመን ሲረታ ለመስማት ጊዜ አልነበራትም።

የድሮውን ጭራ ደመሰሰችው። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ አዝራር ሄደ፤ ወገብ ዓይኑን ጨፈነ። ከዜሮ ጀመረች። አሁን ሥሩ ከዳሌው ጋር እያዘገመ ይመጣል፣ ከእሱ ትንሽ ቆይቶ ይቆማል፤ ጫፉ ትንሽ ብቻ ወደ ፊት ያልፋል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል። የድሮው ጭራ እዚህ ላይ ቀድሞ ወደነበረበት ከፍታ ተመልሶ ይረጋ ነበር። የአሁኑ አይረጋም። እየዘቀጠ፣ መጀመሪያ ሥሩ፣ ከዚያ መሐሉ፣ ጫፉ በመጨረሻ መሬት ይነካል። ከጆሮዎቹም አንደኛው በአራት ፍሬም ቀድሞ ወደቀ፤ ሁለተኛው ገና ድምፅ የሚጠብቅ ይመስላል። ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው እጇን ከጠረጴዛው አነሳች።

የጣቢያው ኃላፊ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የባለቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የማሽኑ ቀድሞ ታየ።

«ደስ ብሏታል እንዴ? እናቷ የለችም አላላችሁኝም?» አለች።

ባለቤቱ ሳል ሳል አደረገው።

ሁለተኛው ታየ። ሴትየዋ እንደገና አሳዩኝ አለች። ሦስተኛ ጊዜም አስደገመች፤ ጭራው መሬት እስኪነካ ትንፋሿን የያዘች ትመስል ነበር። ባለጭራዋ ከኋላ ቆማ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዘዋውራለች።

«ይቺኛዋ ትሁን» አለች ኃላፊዋ።

ባለቤቱ ሽንፈቱን እንደ ጨዋ ሰው ለመቀበል ተዘጋጅቶ፣ ይህ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራው ነው ብሎ አወጀ። ዝም ማለት ትችል ነበር። ጠረጴዛዋ ተርፏል፣ ስሟ ተርፏል፤ አንድ ቃል ባትናገር ማንም አያውቅባትም። ግን ዝም ማለት ከማታውቃቸው ነገሮች አንዱ ነው።

«ሻርፑ የማሽኑ ነው» አለች።

ወገብ እስክሪብቶውን ነከሰ። ባለቤቱ መርታቱን ይሁን መረታቱን መለየት አቅቶት የባጁን ገመድ ጎተተ። ኃላፊዋ ሁለቱንም እያፈራረቀች አየቻቸውና ቦርሳዋን አነሳች።

«እኔ ሻርፕ አላየሁም፣ እህቴ። ያየሁት ልጅቷን ነው» ብላ ወጣች።

ባለቤቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ሰብስቦ ድሮም ያሰበውን ሐሳብ አስረዳ፤ ጨርቅ ለማሽን፣ ሥጋ ለእጅ። ይህን ያሰበው ስብሰባው ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ። የጭራ ጠረጴዛ አይዘጋም። ባለጭራዋ ማሽኑንም ደርባ ትቆጣጠራለች፤ ሁለተኛ ስክሪንም ይገባላታል።

ስክሪኑ በማግስቱ ገባ። ማሽኑ ያወጣቸው ሰባት ሻርፖች ተራ ይዘው ጠበቋት። የመጀመሪያውን ስትከፍተው ሻርፑ በቀበሮዋ ጉሮሮ በኩል ገብቶ በማጅራቷ ወጥቷል። ባለጭራዋ ይህን ለወገብ ልታሳየው ከወንበሯ ዘላ ተነሳች።