የምን ውል ነው ሳልል የመለስኩት

በደርግ ጊዜ ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት በርጩማና ጀርባው የተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ ነበረኝ። ጠበቃ አልነበርኩም። መጽሐፉን ግን ደጋግሜ ስላነበብኩት ሰዉ እንደ ጠበቃ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ ጠበቃ መመለስ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት ከኮምቦልቻ የመጡ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀመጡ። ለኮምቦልቻ እንጂ ለደሴ የማይሆን ስስ ነጠላ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ፣ ቀበሌያቸው የሰጣቸውን የይለፍ ወረቀት እስካሁን በእጃቸው ይዘውታል።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«ይጠይቁኝ አባቴ።»

«አንድ ውል አለ። ሁለት ወገን ተዋውሏል፤ ምስክርም ነበር። አሁን አንዱ ወገን ብቻውን ተነስቶ አፍርሼዋለሁ አለ። ይፈርሳል?»

«ያኛው ወገን ያጠፋው ነገር አለ?»

«ወላሂ የለም።»

«የጊዜ ገደብ ነበረው?»

«ኧረ ምን ገደብ! አብሮ ለመኖር ነው እንጂ» አሉና ዞር ብለው መንገዱን ማየት ጀመሩ።

አብሮ መኖር ሲሉ አብሮ መሥራት ማለታቸው መሰለኝ። በልቤ የወፍጮ ቤት ሽርክና ነው አልኩ። ለምን ወፍጮ ቤት እንደመጣብኝ ዛሬም አላውቅም። የምን ውል ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ከማን ጋር፣ የትም አላልኩ። በዚያን ጊዜ ሰው ያልነገረህን መጠየቅ ጥሩ አልነበረም።

«አይፈርስም» አልኳቸው፣ መጽሐፉን ገልጬ በጣቴ እያሳየሁ። «ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው። ካልተስማሙ በቀር አንዱ ብቻውን አያፈርሰውም።»

ፊታቸው በራ። «ይህን በወረቀት ጻፍልኝ» አሉ። በግማሽ ገጽ ጻፍኩላቸው። ከይለፍ ወረቀታቸው ጋር አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና መርቀውኝ ሄዱ።

አራት ወር ያህል ቆይተው እንደገና መጡ። በዚህኛው ጊዜ አብራቸው በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች፤ ልጃቸው ናት። ሳትቀመጥ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። አንደኛው የእኔ ግማሽ ገጽ ነው። ሁለተኛው በዐረብኛ የተጻፈ፣ ክብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«የምን ውል ነው ብለህ ጠይቀሃቸው ነበር?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። እዚያው የሸሪዓ ዳኛው ቃዲ ፊት ቀርቦ ፈትቻታለሁ ብሎ አስጽፎ፣ ደብዳቤውን ኮምቦልቻ ላለው ወንድሙ ላከ። ደብዳቤው ወር ያህል መንገድ ላይ ቆይቶ ደረሰ። አባትየው ለማያውቁት ሰው ለእኔ፣ ያውም ለክርስቲያን ጎረምሳ፣ ልጄ ተፈታች ማለት አሳፍሯቸው ውል አሉ። ዋሽተው አልነበረም። የሙስሊም ጋብቻ፣ ኒካህም ውል ነው።

እኔ ግን እጅ መስጠት አልፈለግኩም። መጽሐፉን አገላብጬ የጋብቻውን ክፍል አወጣሁ። እዚያም ባል ብቻውን ይፈታል አይልም፤ ፍቺው በሽማግሌ ዳኞች በኩል ነው የሚያልፈው። «አያችሁ፣ አሁንም ልክ ነኝ!» አልኳቸው። ልጅቱ ሁለቱን ወረቀቶች ከጠረጴዛዬ ሰበሰበች። ልክ መሆኔ ለማን እንደሚጠቅም ለእኔም ግራ ገባኝ።

ወደ ውስጥ ገብቼ መዝገብ ቤት የሚሠራ የማውቀውን ሰው ጠየቅኩት።

«ኒካህ ከሆነ ቃዲው ዘንድ ነው» አለኝ።

«መጽሐፉ እኮ እንዲህ አይልም።»

«መጽሐፉ አይልም፤ ቃዲው ደግሞ በየሳምንቱ ይፈርዳሉ። ሕጉን ከመግለጥህ በፊት ሰዎቹ የየትኛው ዳኛ እንደሆኑ ጠይቅ።»

ሦስታችን ወደ ቃዲው ፍርድ ቤት ሄድን። ቃዲው መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብዳቤውን ሳይነኩ ጥያቄ ጀመሩ። ኒካሁ የት ታሰረ? ኮምቦልቻ። ሁለቱም ሙስሊም ናቸው? አዎ። ፍቺው የት ተባለ? ጅቡቲ። ማን ጻፈው? የዚያ አገር ቃዲ። ከዚያ ወዲህ ስንት የወር አበባ አየች? ከሦስት በላይ። እነዚህን ከሰሙ በኋላ ነው ደብዳቤውን የዘረጉት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የፈታት፤ ሊመለስ የሚችል ፍቺ ነበር» አሉ። «ዒዳዋ፣ ከፍቺ በኋላ ሦስት የወር አበባ የምትጠብቅበት ጊዜ፣ ሳያልቅ ሽማግሌ ብትልኩበትና ቢስማማ፣ ያለ አዲስ ኒካህ ሊመልሳት ይችል ነበር። ዒዳ የሚቆጠረው ፍቺው ከተባለበት ቀን ነው። እሷ እንዳለችው ከሆነ ሦስቱም የወር አበባ አልፏል፤ ካለቀም ቆይቷል። አሁን ቢታረቁ እንኳ አዲስ ኒካህ ያስፈልጋል።»

«እኔ እኮ ወረቀት አለኝ» አሉ ሽማግሌው፣ የእኔን ግማሽ ገጽ እያሳዩ።

ቃዲው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ለንግድ ውል ትክክል ነው» አሉና ለእኔ ሰጡኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። አልጠየቅኳቸውም» አልኩ።

«እኔም ሳልጠይቅ አፌን አልከፍትም» አሉ ቃዲው። «ሰውዬው እዚህ ቢሆን አስጠርቼ አስማማቸው ነበር። ጅቡቲ ያለን ሰው በምን አስቀርበዋለሁ? የእኔ መጥሪያ ከድንበር አያልፍም። የምችለው ወንድሙንና ምስክር ሰምቼ፣ ፍቺው እውነት መሆኑን መዝግቤ ለልጅቱ ወረቀት መስጠት ነው። ባሏ ሊሰጣት ቃል ከገባው መህር የቀረ ካለ፣ እዚህ ካለው ንብረቱ መጠየቅ ትችላለች።»

እኔ ትዳሯን ያጠፋሁባት መስሎኝ ነበር። ወደ እሷ ዞሬ ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እኔ እንዲመለስ አልፈለግኩም» አለች። «የፈለጉት አባባ ናቸው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ዒዳዬ ካለቀ በኋላ ወደ አባቴ ቤት ልሂድ ስል ‹መንግሥት አልተፈታሽም ብሏል› እያሉ ያንተን ወረቀት ያሳዩኛል። ሁለት ወር በከንቱ ለባሌ እናት ውሃ ስቀዳ ከረምኩ።»

አባትየው «ላንቺው ብዬ ነው» አሉ። ማንን ምን እንደበደልኩ ጭራሽ ተምታታብኝ። አባትየው የማስታረቂያ ጊዜ አምልጧቸዋል፤ እሷ ደግሞ ነፃነቷ ዘግይቶባታል። አንድ ግማሽ ገጽ ሁለቱንም አደረገ።

በቀጠሮው ቀን ወንድምየው ቀርቦ መሰከረ፤ ወረቀቷን ተቀበለች። ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደተቀጠረች ሰማሁ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ በበሩ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ግን አይቀመጡም።

ነገሩ ስላልወጣልኝ አንድ የመደበኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ጠይቄ ነበር። «ልጅቱ የሕግ መጽሐፉን ይዛ እርስዎ ዘንድ ብትመጣ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» ስላቸው፣ «እንጃ፤ እኔ ዘንድ አልመጣችም» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ መልስ እስከዛሬ አላገኘሁም።

እኔም ጥያቄ ማብዛት ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ መጥቶ «የተዋዋልኩት ሰው ቢከዳኝ ልከሰው እችላለሁ?» አለኝ።

«የምን ውል ነው? የት ተዋዋላችሁ? ሰውዬውስ አሁን የት አገር ነው ያለው?»

ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ጸሐፊ ነህ ወይስ መርማሪ?» አለኝ። ልክ ነበር፤ የትና ከማን ጋር ብሎ መጠየቅ በዚያ ዘመን የመርማሪ ሥራ ነበር። ላስረዳው ስሞክር ተነስቶ፣ ከእኔ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ወደሚጽፈው ሌላ ጸሐፊ ሄደ። ያኛው ምንም ሳይጠይቀው ወረቀት የጽሕፈት መኪናው ላይ ሲያስገባ አየሁት።