ምናልባት ቢታይ ብዬ ነው

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ የገዛ ጥላዋን አታምንም፤ አለቃዋንማ ተዉት። ማድረቂያ ማሽኑ ቃጠሎ ቃጠሎ ሲሸታት፣ «ጌታዬ፣ እንዲያው ካልተቸገሩ፣ ምናልባት ማሽኑን ሰው ቢያየው ብዬ ነው» ብላ ሁለቴ በስልክ ጻፈችለት። መልስ የለም።

«ሆን ብሎ ነው! ሲቃጠል በእኔ ሊያላክክ!» አለች ለእህቷ።

እህቷ ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «የቱ ጋ ነው የጠየቅሽው?»

አጣቢዋ እየተነጫነጨች እንደገና ጻፈች፦ «ማድረቂያው የቃጠሎ ሽታ ስላለው አጥፍቼዋለሁ። እባክዎ ዛሬውኑ ቴክኒሻን ይላኩ። ሽቦው ሳይሆን አይቀርም።»

«‹ሳይሆን አይቀርም› የሚለውንም አውጪው» አለች እህቷ።

«እሱስ ይቆይ፤ ከፍቼ አላየሁትማ!»

ቴክኒሻኑ ወዲያው መጣ። ሽቦው ደህና ነበር፤ የተበላው ማሽኑን የሚያሽከረክረው ቺንጋ ነው። አለቃው ተከትሎ ገባና በቅንነት ጠየቃት፦ «ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?»