ሙሉመቤትን «አይደለችም» ያላት ጣት



ሙሉመቤት ከቢስቲማ ወጥታ ኮምቦልቻ የገባች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የምትሠራው ክር ማቅለሚያው ውስጥ ስለሆነ ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ ቀለም አይጠፋም፤ እሁድ መዝሙር ስንዘምር እጇን ታነሳለች እንጂ አትደብቀውም። ዝምተኛ ናት፤ የጀመረችውን ግን ሳትጨርስ አትተወውም። ውጭ አገር ለአንድ ዓመት የሚሰጥ የማቅለም ሥልጠና ስታገኝ ያወቅነው እኔና ፓስተሩ ብቻ ነን። የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ በኢሜይሏ «እመጣለሁ» ብላ እስከ አርብ ማረጋገጥ።

በዚያው ሳምንት መዘምራኑ በአውቶቡስ ናይሮቢ ለጉባኤ ወረድን። ሰኞ ዕለት ታክሲ ውስጥ ስልኳን ሰረቋት። «አይዞሽ፣ በእኔ ስልክ ክፈቺው» አልኳት። የይለፍ ቃሏን በትክክል ጻፈች። ኢሜይሉ ግን እምቢ አለ፦ አገሩም ስልኩም አዲስ ስለሆነ አጠራጣሪ ነው፤ ከዚህ በፊት ኢሜይልሽ በተከፈተበት ስልክ ላይ «አዎ፣ እኔ ነኝ» በዪ አለ። የእሷ ስልክ ሌባ ጋ ነው። እያየን ሳለ ጥያቄው ተዘጋ፤ አንድ ሰው ከሌላ ስልክ «አይደለሁም» ብሏል።

«ማነው እሱ?» አልኩ።

«እኔ እንጃ» አለች።

በሌላ መንገድ ስንሞክር መለያ ቁጥር በአጭር መልእክት ልላክልሽ አለና የሚልክበትን ስልክ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ብቻ አሳየን። የእሷ አልነበሩም። ፓስፖርቷ ከነፎቶዋ እጇ ላይ ነው፤ ማን ይይላት? መዝግቡኝ የሚባልበት መስኮት፣ እባክዎ የሚባል ሰው የለም። በመጨረሻ «የአንቺ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ከለመድሽው ቦታና መሣሪያ ሞክሪ» አለ። ከእኔ አድራሻ ለሥልጠናው ሰዎች ብንጽፍ፣ ማረጋገጫው በተመዘገበችበት አድራሻ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። አርብ ሄደ። ሌሎቹ ሲዘምሩ እሷ ከኋላ ቆማ ነበር።

ኮምቦልቻ እንደደረስን ቴሌ ገባች። መታወቂያዋን አይተው፣ አሻራዋን ወስደው ያንኑ ቁጥሯን በአዲስ ሲም መለሱላት። ለኢሜይሉ ግን ይህ ምኑም አይደለም። የለመደችው መሣሪያ የቱ እንደሆነ ስታስብ ትዝ አላት፤ ኢሜይሉን የከፈተላት ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ቤት ያለው ቀለሙ የሚባል ሰው ነው። እዚያ የተከፈተላቸው ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ሲመጣ ቀለሙ የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባል፣ ኢሜይሉንም በራሱ ስልክ ላይ ከፍቶ ያስቀራል። «ከረሱ እኔ አለሁላቸው» ይላል። የስንቱን ሰው ቤት ቁልፍ ኪሱ ከቶ ይዞራል።

አብረን ወደ ደሴ ወጣን። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የቁልፍ ሰሌዳው በጣት ቅባት ጠቁሯል፤ ሳየው እጄን መጥረግ አማረኝ። ቀለሙ ጫት የያዘውን ጉንጩን አዙሮ ሳቀ።

«አንቺ ነበርሽ እንዴ ኬንያ? እኔኮ ሌባ መስሎኝ አይደለሁም አልኩት። አብሽሪ እህቴ፣ ጠበቅሁልሽ እኮ!»

ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሌባው ላይ ሳይሆን በባለቤቷ ላይ በር ዘጋና ጀግና ሆኖ ቁጭ አለ። ልሰድበው አፌን ስከፍት ሙሉመቤት ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ለካ ያ ከነቆሻሻው የሚያውቃት ኖሯል፤ በመጀመሪያ የገባችበት ነውና ይህን ጊዜ ብዙ አልተከራከረም። ስልኳ ሌባ ጋ ስለሆነ የይለፍ ቃሏን ልትቀይር «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» የሚለውን ነካች፤ የቀለሙ ስልክ ነዘረ። ስልኩ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ቀለሙ እሷን ሳይጠይቃት በዚያው «አይደለሁም» ባለበት አውራ ጣቱ «አዎ» አለላት።

ገባች። አዲስ የይለፍ ቃል አወጣች። ደብዳቤው ከላይ ነበር፤ ማረጋገጫሽ ስላልደረሰን ቦታሽን ለተከታይዋ ሰጥተናል ይላል። ቀለሙ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ከእሷ ቀድሞ አነበበውና «ውይ፣ አልፎሻል እኮ» አለ። የአፉ ሽታ እስከ እኔ ደረሰ። ጠላሁት፤ ነገ ቤተክርስቲያን ይቅር እላለሁ፣ ዛሬ ግን ጠላሁት።

ሙሉመቤት አላለቀሰችም። የኢሜይሏን ቅንብር ከፍታ የቀለሙን ስልክ አስወጣች፣ ቁጥሩን ሰርዛ የራሷን አስገባች፣ በሌላ ቀን ስልክ ቢጠፋ የሚያስገቡትን መጠባበቂያ ቁጥሮች አትማ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተች።

ቀለሙ ከፋው። «ነገ ደግሞ ሲዘጋብሽ ማን አዎ ይልልሻል?»

ተነሳች። ሰማያዊ ጥፍሯን አየችና ቀና አለች።

«ነገማ የሚጠይቀኝ የለም፣ ቀለሙ። የተጠየቅሁት ያን ሰኞ ናይሮቢ ነበር፤ አንተ አይደለችም አልክ።»